ነጭ ሽንኩርት በእንክብል ሲወሰድ፦ ከፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ጋር የሚፈጥረው ግጭት

በአገር ቤት ለጉንፋንና ለደም ግፊት ይበጃል እየተባለ የሚወሰደው ነጭ ሽንኩርት፣ በአውሮፓና በአሜሪካ መደብሮች በእንክብል ተዘጋጅቶ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከሚወስዱ ሰዎች መካከልም ኮሌስትሮልን ይቀንሳል በሚል ይህንኑ የሚጨምሩ አሉ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናታቸውን ያካሄዱት በ9 ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ላይ ነበር። ተሳታፊዎቹ በመጀመሪያ ሳኩዊናቪር የተባለውን ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ብቻ ወሰዱ፤ በደማቸው ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠንም ተለካ። ከዚያም የነጭ ሽንኩርት እንክብል በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ሳምንታት ወስደው ልኬቱ ሲደገም፣ የመድኃኒቱ መጠን በ51 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ። እንክብሉን ካቆሙ ከ10 ቀናት በኋላ እንኳ መጠኑ ወደ ቀድሞው ደረጃ አልተመለሰም።

ሰውነት ብዙ መድኃኒቶችን የሚሰባብረው በጉበትና በአንጀት ግድግዳ በሚገኙ ኢንዛይሞች አማካይነት ነው። አንዳንድ ዕፅዋት እነዚህ ኢንዛይሞች በብዛት እንዲመረቱ ያደርጋሉ፤ መድኃኒቱም ሥራውን ሳይጨርስ ከደም ይወገዳል። በደም ውስጥ የቀረው መጠን ቫይረሱን መግታት ሲያቅተው፣ ቫይረሱ እየተባዛ መድኃኒቱን ይለማመዳል። ሕመምተኛው ግን ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ችግሩ የሚታወቀው በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ሲመረመር ነው።

ሳኩዊናቪር ዛሬ እምብዛም አይታዘዝም። በወጥ ውስጥ የሚገባው ነጭ ሽንኩርትም በጥናቱ ከተፈተነው እንክብል ጋር አንድ አይደለም፤ ስለዚህ ከማዕድ ይወገድ የሚያሰኝ ምክንያት የለም።

ዛሬም አሳሳቢ የሆነው ለድብርት ተብሎ የሚሸጠው ሴንት ጆንስ ወርት ነው፤ በጀርመን ዮሐኒስክራውት ይባላል። የኢንዛይሞቹን ምርት በኃይል ያነሣሣል። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት ኢንዲናቪር የተባለውን ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ57 ከመቶ መቀነሱ ታይቷል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች በስፋት የሚታዘዘውን ዶሉቴግራቪርንም ሊቀንስ ስለሚችል፣ አብሮ እንዳይወሰድ ይመከራል።

እንዲህ ያለውን ዕፅ ሲወስድ የቆየ ሰው ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። የሚበጀው የእንክብሉን ዕቃ እንደያዘ ወደ ሐኪሙ ወይም ወደ ፋርማሲስቱ ቀርቦ ከመቼ ጀምሮና በምን ያህል መጠን እንደወሰደ መናገር ነው። ዕፁን ካቆመ በኋላም ኢንዛይሞቹ ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ለመመለስ ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅባቸው፣ ሐኪሙ የቫይረስ ምርመራውን የሚያዝዘው ይህን አስልቶ ነው።