30 ወይስ 90 ሰከንድ? መልእክቱ ራሱ ይወስናል

ከክሪስታል ሲቲ ሜትሮ ተሳፍሮ ኤርፖርት ሥራ ለሚገባ ወገናችን መንገዱ አንድ ጣቢያ ብቻ ነው። ታዲያ በስልኩ የሚያየው መንፈሳዊ ቪዲዮ ስንት ሰከንድ ይሁን? እኛ የምንጠይቀው ይህንን ነው፦ መልእክቱ ማስታወቂያ ነው ወይስ ትምህርት?

ማስታወቂያ ከሆነ 30 ይበቃዋል። ረጋ ብሎ ለሚያነብ ሰው ወደ 50 ቃል ነው። የጥምቀትን በዓል እንውሰድ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ በቃ! ጥር 11 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ማግስት ግን እንደ 2024ቱ ወደ 20 ይሻገራል። ስለዚህ ሁለቱንም ቀን እንናገራለን። «8 ሰዓት» ብለን ብንተውም አንዱ በሀገር ቤት፣ ሌላው በአሜሪካ አቆጣጠር ይሰማዋልና «ከቀትር በኋላ» እንጨምርበታለን።

ምሳሌ የሚተረጎም ከሆነ ግን 90 ያስፈልጋል። በሉቃስ 15 ያለው የጠፋው ልጅ ታሪክ በ30 ሰከንድ ሲነገር ልጁ ተመለሰ፣ አባቱ ተቀበለው ብሎ ያልቃል። የተቆጣው ታላቅ ወንድም ይቀራል። ጌታ ምሳሌውን የተናገረው ግን ከኃጢአተኞች ጋር በላ ብለው ላጉረመረሙት ጭምር ነው። እነሱን የሚመለከተው ክፍል ተቆረጠ ማለት ነው። እናም ለታናሹ 40፣ ለታላቁ 30፣ ለትርጉሙ 20 ሰከንድ እንመድባለን።

ከመልቀቃችን በፊት ለአንድ ሰው እናሳያለን። ከማስታወቂያው በኋላ «መቼና የት?»፣ ከትምህርቱ በኋላ «ለማን ተነገረ?» ብለን እንጠይቀዋለን። ካልመለሰ ሰከንዱን ሳይሆን ጽሑፉን እናስተካክላለን።