አንድ ኪሎ አይብ ስንት ሊትር ወተት ይፈጃል?

የእርጎ ሒሳብ ቀላል ነው። አንድ ሊትር ወተት ከአንድ ኪሎ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ሲረጋም ምንም ተጨምቆ ስለማይወጣ አንድ ሊትር ወተት አንድ ኪሎ ያህል እርጎ ይሆናል። አይብ ግን እንዲህ አይደለም። በአገራችን ልማድ፣ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ለሚሠራ አንድ ኪሎ አይብ ስምንት ሊትር ያህል ወተት ያስፈልጋል።

ስምንቱን ሊትር እንከተለው። ወተቱ በወይራ በታጠነ ዕቃ ይጠራቀምና ይረጋል፤ ከዚያ ይናጣል። ስቡ ጥሩ ከሆነ ከ300 እስከ 400 ግራም ቅቤ ይወጣዋል። የሚቀረው ሰባት ሊትር ተኩል ያህል አሬራ ነው። ቅቤው አብዛኛውን ስብ ይዞ ቢሄድም፣ አይብ የሚሆነው ካዜይን የሚባለው ፕሮቲን እዚያው አሬራው ውስጥ ይቀራል። በአንድ ሊትር ወተት ውስጥ ያለው ካዜይን 26 ግራም ገደማ ስለሆነ፣ በስምንቱ ሊትር ወደ 210 ግራም ይደርሳል። አንድ ኪሎ ለስላሳ አይብ ደግሞ ከ150 ግራም ያልራቀ ፕሮቲን ይይዛል፤ ከሦስት አራተኛው በላይ ውሃ ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ደቅቆ ከአጓቱ ጋር የሚፈስሰው ነው። የሠሪዋ ሙያ የሚለካውም ይህን ብክነት በመቀነስ ነው።

አሬራው ዝግ ባለ እሳት ላይ ይጣዳል። ሙቀቱ 50 ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም ጣት ተነክሮ ቶሎ የሚወጣበት ያህል ከሆነ ይበቃል፤ መፍላት የለበትም። አይቡ መቋጠር ከጀመረ በኋላ ማማሰል ትልቅ ጥፋት ነው፤ ፍርፋሪው ይደቅና በጨርቁ ያመልጣል። መድረሱን የሚናገረው አጓቱ ነው። ጠርቶ ወደ ቢጫና አረንጓዴ ካደላ አይቡ ተለይቷል። ወተት መስሎ ከነጣ ግን ገና ነው፣ አለዚያም ተማስሏል። እሳቱ ከበረታ አይቡ ይሻክራል፣ የተቀቀለ ጣዕምም ይይዛል። ከእሳት ከወረደ በኋላ እስኪቀዘቅዝ ሳይነካ ይቆይና በንጹሕ ሻሽ ይጠለላል።

ሚዛኑን የሚያሳስተው የመጨረሻው ጥለላ ነው። ከመቶ 79 እጁ ውሃ የሆነ አንድ ኪሎ አይብ ውስጥ ደረቁ ነገር 210 ግራም ነው። ያው አይብ ሌሊቱን ተንጠልጥሎ አድሮ ውሃው ወደ 70 ከመቶ ቢወርድ 700 ግራም ብቻ ይመዝናል። ወተቱም ሆነ ምግቡ አልተለወጠም፤ የሄደው አጓት ነው። ወተቱ ውስጥ ውሃ ተጨምሮበት ከነበረ ግን የሚጎድለው አይቡ ራሱ ነው፤ ከስምንቱ ሊትር አንዱ ውሃ ከሆነ ከኪሎው ከ100 ግራም በላይ ይቀንሳል።

ስለዚህ አይብ በኪሎ ስትገዙ ከዋጋው በፊት ጨበጥ አድርጉት። አጓት ከፈሰሰ፣ ስምንት ሊትር ወተት አልፈጀም።