ከመደበኛው ልክ የወጡ የደም ምርመራ ቁጥሮችን ለሐኪም በጥያቄ መልክ ማዘጋጀት

አንዲት የ32 ዓመት አርሶ አደር ለወራት የዘለቀ ድካምና ማዞር አስመርሯቸው በአቅራቢያቸው ባለች ከተማ የደም ምርመራ አደረጉ እንበል። ሐኪሙን የሚያገኙት ከአራት ቀናት በኋላ ነው። ውጤቱ በስልካቸው ደርሷቸው ስክሪንሾቱን ከተማ ለሚኖረው ወንድማቸው ላኩለት። ወንድምዬው ከቁጥሮቹ ጎን የተጻፉትን H እና L የሚሉ ፊደላት ሲያይ ደነገጠ፤ ከመድኃኒት ቤት የደም ማነስ መድኃኒት ገዝቶ ሊልክም አሰበ።

ይሁን እንጂ ያ ምስል በሽታውን አይናገርም። ሊሰጥ የሚችለው ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ የሚነሡ ጥቂት ጥያቄዎችን ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ከምስሉ ለማውጣት የሕክምና ትምህርት አያስፈልግም፤ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል።

ጥንቃቄው የሚጀምረው ከምስሉ አናት ነው። ስክሪንሾት ብዙ ጊዜ የወረቀቱን ራስጌ ወይም የቀኙን ዓምድ ቆርጦ ይጥላል። ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ እና ቀን ከሌሉበት ውጤቱ የማን እንደ ሆነ ማረጋገጥ አይቻልም። ጾታ በስሕተት ከተመዘገበም መሣሪያው የሴትን ደም በወንድ ልክ ሊመዝነው ይችላል። ቀኑም ያሳስታል። መሣሪያዎች የሚያትሙት ብዙውን ጊዜ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ አንዳንዱ ቀንን፣ አንዳንዱ ወርን ያስቀድማል። 08/03/2025 የሚለው ጽሑፍ የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም ሊሆን ይችላል፤ ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ምም ሊሆን ይችላል። የቆየና አዲስ ውጤት ያለው ሰው ይህን ካላጣራ መሻሻሉን መባባስ አድርጎ ያነብባል።

ቀጥሎ እያንዳንዱ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። በመጀመሪያ የምርመራው ስም፣ ከዚያ የተገኘው ቁጥር፣ መለኪያው፣ በመጨረሻም Ref. Range በሚል ርእስ ሥር መደበኛው ልክ ይገኛል። H ከልኩ መብለጡን፣ L ማነሱን ያመለክታል። ለንጽጽር የሚያገለግለው በዚያው ወረቀት ላይ የታተመው ልክ ብቻ ነው፤ ከጎረቤት ውጤት ወይም ከሌላ ላቦራቶሪ የተወሰደ ልክ አያገለግልም። መለኪያውም አብሮ መገልበጥ አለበት። ሄሞግሎቢን በg/dL ሲጻፍ 9.8 የሚሆነው በg/L 98 ነው፤ ሁለቱም አንድ ናቸው። ምስሉ ደብዝዞ ነጥቡ ካልታየ ግን 9.8 እና 98 ይምታታሉ። በግምት ከመጻፍ ጥርት ያለ ምስል እንዲላክ መጠየቅ ይሻላል።

በአርሶ አደሯ ወረቀት ላይ ዘጠኝ መስመሮች ምልክት አለባቸው። ሄሞግሎቢን፣ በወረቀቱ HGB የሚባለው፣ 9.8 ነው፤ ልኩ ከ12.0 እስከ 16.0 ነው። የቀይ የደም ሕዋስን አማካይ መጠን የሚያሳየው MCV 71.5 ነው፤ ልኩ ከ80 እስከ 100 ነው። HCT እና MCH የተባሉትም ከእነዚሁ ጋር አብረው ወርደዋል። የሕዋሳቱን መጠን መለያየት የሚያሳየው RDW-CV ግን 17.8 ደርሷል፤ የላይኛው ወሰኑ 16.0 ነው። እነዚህ አምስት መስመሮች የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው፦ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ትንንሽና መጠናቸው የተለያየ ሆኗል፤ ሄሞግሎቢኑም አንሷል። ስለዚህ አምስት ጥያቄ አያስፈልጋቸውም።

በነጭ የደም ሕዋሳት በኩል ሦስት ምልክቶች አሉ። ጠቅላላ ቁጥራቸው 8.2 ሲሆን በልኩ ውስጥ ነው። ከእነርሱ ውስጥ ኢዮሲኖፊል የተባለው ዓይነት በመቶኛ 13፣ በብዛት ደግሞ 1.07 ሆኖ ሁለቱም ከፍ ብለዋል፤ የብዛቱ የላይኛው ወሰን 0.50 ነው። ኒውትሮፊል በመቶኛ 48 በመሆኑ L ተጽፎበታል፤ ዝቅተኛው ወሰን 50 ነው። ብዛቱ ግን 3.94 ሆኖ ከ2.00 እስከ 7.00 ባለው ልክ ውስጥ ይገኛል። አንዱ ድርሻ ሲጨምር የሌላው መቶኛ መቀነሱ አይቀርም። በመቶኛው ብቻ ከመደንገጥ # ምልክት ያለበትን የብዛት መስመር ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። የመጨረሻው ምልክት ፕሌትሌት ላይ ነው፤ 462 ሆኖ ከ450 ወሰን ጥቂት አልፏል።

ጥቂት ማለፍ ሁልጊዜ ሕመም ማለት አይደለም። መደበኛ ልክ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው ከጤነኛ ሰዎች 95 በመቶ የሚሆኑት እንዲካተቱበት ተደርጎ ነው። በመሆኑም ከ20 ጤነኛ ሰዎች አንዱ በአንድ ምርመራ ከልኩ ውጭ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ በልኩ ውስጥ መሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በደጋ የሚኖር ሰው ሰውነት የአየሩን ኦክስጅን ማነስ ለመቋቋም ሄሞግሎቢኑን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ለቆላ ነዋሪ በቂ የሆነ ቁጥር ለደጋ ነዋሪ አነስተኛ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ የሚኖሩበትን ቦታ ማወቅ ይኖርበታል።

በዚህ መንገድ ዘጠኙ ምልክቶች ወደ አራት ጥያቄዎች ይጠቃለላሉ፦

1. ሄሞግሎቢኔ 9.8 g/dL ነው፤ የወረቀቱ ልክ 12.0–16.0 ነው። የምኖረው ደጋ ነው። የደም ማነሱ ምን ያህል ከባድ ነው?

2. MCV 71.5፣ RDW-CV 17.8 ሆኗል። ይህ የብረት እጥረት ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው? በየትኛው ምርመራ ይረጋገጣል?

3. የኢዮሲኖፊል ብዛት 1.07 ነው። ከሆድ ትል ወይም ከአለርጂ ጋር ይያያዛል? የሰገራ ምርመራ ያስፈልገኛል?

4. ፕሌትሌቴ 462 ነው። ከደም ማነሱ ጋር የተያያዘ ነው? ምርመራው መቼ ይደገማል?

በጥያቄዎቹ ሥር ሐኪሙ ከወረቀቱ የማያገኛቸው ነገሮች በአጭሩ ይጻፋሉ፦ ድካሙ የጀመረበት ጊዜ፣ የወር አበባው መብዛት አለመብዛቱ፣ እርግዝና መኖር አለመኖሩ፣ በባዶ እግር በመስኖ ማሳ መሥራት፣ በቅርቡ የተወሰደ ማንኛውም መድኃኒት። የመንጠቆ ትል በእግር ቆዳ በኩል ሊገባ ይችላል፤ አንጀት ላይ ተጣብቆም ደም ይመጥጣል። ስለዚህ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ አንድ መልስ ሊኖራቸው ይችላል። የወር አበባ መብዛት ከሆነም መልሱ ይለያል። ይህን የሚለየው ሐኪሙ ነው።

ወንድምዬው ሊልክ ያሰበው መድኃኒት ችግር የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ከምርመራ በፊት የተዋጠ የብረት እንክብል ቀጥሎ የሚታዘዘውን የብረት ምርመራ ሊያዛባ፣ የትል መድኃኒትም ትሉ በሰገራ ምርመራ እንዳይገኝ ሊያደርግ ይችላል። ድካሙ ለጊዜው ቢቀልም ደሙ የሚፈስበት ምክንያት ሳይታወቅ ይቀራል።

ቀጠሮ የማይጠበቅበት ሁኔታም አለ። ያለ ሥራ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ የማይቆም ደም መፍሰስ ወይም ጥቁር ሰገራ ከታየ፣ ወይም ላቦራቶሪው ራሱ ደውሎ ቶሎ ይምጡ ካለ፣ ጥያቄዎቹ ቢዘጋጁም ባይዘጋጁም በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። ከዚያ ውጭ ባለው ጊዜ አራቱን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፎ፣ ስክሪንሾቱን ብቻ ሳይሆን ዋናውን ውጤትም ይዞ ሐኪሙ ዘንድ መቅረብ ነው።