ቅባቱ ፀጉር ያበቅላል ወይስ እንዳይሰበር ያግዛል?

መካኒሳ አቦ አካባቢ በቤት የተዘጋጀ የፀጉር ቅባት የማይሸጥ ፀጉር ቤት ማግኘት ይከብዳል። ፀጉር ቤት ያልደረሰው ደግሞ በቴሌግራም ይሸጣል። ጠርሙሱ ይለያይ እንጂ ከፎቶው ሥር የሚጻፈው ነገር ከአንዱ ወደ ሌላው እየተገለበጠ ስለሚሄድ አንድ ዓይነት ነው። ‹‹የፀጉር መርገፍን በ15 ቀን ያቆማል፣ ራሰ በራነትን ይፈውሳል፣ ፎረፎርንና ቆረቆርን ያጠፋል፣ 100 ፐርሰንት ተፈጥሯዊ ስለሆነ ምንም ጉዳት የለውም።››

ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ‹‹እስቲ እየው›› የሚሉኝ ሰዎች አሉ። በቅርቡ ያየሁት የአንዲት ወጣት ጎረቤቴን ነው። ቅባቷን የምትሠራው ከኮኮናት ዘይት፣ ከጉሎ ዘይት፣ ከጥቁር አዝሙድ ዘይትና በደንብ ከደረቀ የጥብስ ቅጠል ነው። ጥሩ ቅባት ነው። ችግሩ ጽሑፉ ላይ ነበር። ‹‹ጋሼ፣ ታዲያ ይሄን ሁሉ ካጠፋሁት ማን ይገዛኛል?›› አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ መልሱም ‹‹እውነቱን ጻፊ›› ብሎ ከመሄድ ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ ሕጉን እናንሳው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒትንም ኮስሞቲክስንም ይመለከታል። ሁለቱን የሚለያቸው ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር ብቻ አይደለም፤ ለምን እንደሚሸጥም ጭምር ነው። ፀጉር ለማለስለስና ለማሳመር የሚሸጥ ቅባት ኮስሞቲክስ ነው። ያው ቅባት ‹‹ቆረቆር ያድናል›› ተብሎ ከተሸጠ ግን ሻጩ ራሱ መድኃኒት ነው ብሎታል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መድኃኒት የሚጠየቀውን ማስረጃ ሁሉ ይጠየቃል፤ በቤት የተሠራ ቅባት ደግሞ ያ ማስረጃ የለውም። የማስታወቂያ አዋጁም (ቁጥር 759/2004) አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።

ብዙዎች ‹‹ይፈውሳል›› የሚለውን ‹‹ይረዳል›› በሚል ቀይረው የተገላገሉ ይመስላቸዋል። አይደለም። ‹‹ለራሰ በራነት ይረዳል›› ውስጥ ችግሩ ግሱ ሳይሆን የበሽታው ስም ነው። ስሙ እስካለ ድረስ ግሱን ቢያለሰልሱት አንባቢው የሚሰማው ያው ነው። ከሥር በትንሽ ፊደል ‹‹ይህ መድኃኒት አይደለም›› ብሎ መጨመርም ከላይ የተባለውን አይሰርዝም።

ጎረቤቴ ግን ጠንካራ መከራከሪያ ነበራት። ስልኳን አውጥታ የደንበኞቿን መልእክት አሳየችኝ። አንዷ ‹‹በአምስት ወር ፀጉሬ አደገልኝ›› ትላለች። ሌላዋ ወልዳ ከተነሣች በኋላ ረግፎ የነበረው ፀጉሯ መመለሱን ጽፋለች። ሁለቱም አልዋሹም። ሆኖም ሁለቱም ያዩትን እንጂ ምክንያቱን አልነገሩንም።

የራስ ፀጉር በአማካይ በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ፀጉሩ የማይረዝመው ብዙ ጊዜ ከሥሩ ማደጉን ትቶ አይደለም፤ ያደገውን ያህል ከጫፉ ስለሚሰበር ነው። በተለይ ጥቅልል ያለና ደረቅ ፀጉር ሲበጠር ቶሎ ይሰበራል። ቅባት ደግሞ ፀጉርን ሸፍኖ ፍትጊያውን ይቀንሳል፤ ማበጠሪያው ሳይጎትት ያልፋል። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ የሕንድ ተመራማሪዎች ጥናት የኮኮናትን፣ የሱፍንና የማዕድን ዘይትን አወዳድሮ ፀጉር ሲታጠብና ሲበጠር የሚያጣውን ፕሮቲን የቀነሰው የኮኮናቱ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ምክንያቱም ዘይቱ ላይ ላዩን ከመቀባት አልፎ ወደ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ ነው። እንግዲህ ደንበኛዋ ‹‹አደገልኝ›› ያለችው ሳይሰበር የቀረላትን ነው። ‹‹ያበቅላል›› የሚለው ቢወጣ ጎረቤቴ ምንም አታጣም። ‹‹ሲበጠር መሰበርን ለመቀነስ ያግዛል›› የሚለው እውነትም ነው፣ ሴቶቹ ያዩትም ይኸው ነው።

የወለደችው ነገር ይለያል። ከወሊድ በኋላ ያለው መርገፍ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ይጀምርና ልጁ ዓመት እስኪሞላው ራሱ ይመለሳል። በዚያ መሀል ምንም ነገር ብትቀባ፣ ቅቤም ይሁን፣ ምስጋናው ለቅባቱ ነው የሚሆነው። ይህን መልእክት ፎቶ አንሥቶ መለጠፍ ራስ ‹‹መርገፍ ያቆማል›› ብሎ ከመጻፍ አይለይም፤ የደንበኛ ምስክርነትም የሻጭ ቃል ነው። ግንባር ዳር ላይ በጠባቡ ሹሩባ ምክንያት የሳሳ ፀጉርም እንዲሁ መፍትሔው ሹሩባውን ማላላት ነው፤ ዘይቱ መጎተቱን አያስቀርም።

ፎረፎር ላይ ደግሞ ነገሩ ይባስ ይገለበጣል። የተቀባ ራስ ቅርፊቱ ስለሚለሰልስና ከራስ ቆዳው ጋር ስለሚጣበቅ ለአንድ ሁለት ቀን የጠፋ ይመስላል። ነገር ግን ከፎረፎር ጋር የሚያያዘው ማላሴዚያ የሚባለው ፈንገስ የሚመገበው ቅባት ነው። ስለዚህ ዘይት አብዝቶ ራስ ቆዳ ላይ ማሳደር የባሰ የሚያደርግባቸው ሰዎች አሉ።

ከሁሉም አጥብቄ የተከራከርኳት ግን ቆረቆር ላይ ነው። ቆረቆር በልጆች ራስ ላይ የሚወጣ ፈንገስ ሲሆን ፀጉሩን ከሥሩ ይይዘዋል። በክብ የሳሳ ቦታ፣ አጥሮ የተሰበረ ፀጉርና ቅርፊት ይታይበታል፤ አንዳንዴ ከአንገት ኋላ ዕጢ ያብጣል። የሚቀባ ነገር ሥሩ ድረስ ስለማይደርስ ሐኪም የሚያዘው ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ነው። እናትየው ‹‹ቆረቆር ያጠፋል›› የሚለውን አምና አንድ ጠርሙስ እስክትጨርስ ብትጠብቅ ልጁ በማበጠሪያና በኮፍያ ለእህት ወንድሞቹ ያጋባል። ቁስሉ ካመረቀዘ ጠባሳ ጥሎ በዚያ ቦታ ፀጉር እስከ መጨረሻው ላይበቅል ይችላል። የ‹‹ይፈውሳል›› ዋጋ እዚህ ላይ ነው የሚከፈለው፤ ከፋዩም ልጅ ነው።

‹‹ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም›› የሚለውም ወጣ። የጥቁር አዝሙድ ዘይት ቆዳቸውን የሚያሳክካቸውና የሚያቀላባቸው ሰዎች አሉ። (እሳትም ሰንበሌጥም ተፈጥሯዊ ናቸው ብላት ሳቀች።) በምትኩ የሙከራውን አሠራር ጻፍን።

ካፕሽኑ በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦

‹‹የፀጉር ቅባት፣ 100 ሚሊ ሊትር። የኮኮናት ዘይት፣ የጉሎ ዘይት፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ የጥብስ ቅጠል። ደረቅ ፀጉርን ያለሰልሳል፣ ያወዛል፤ ሲበጠር እንዳይጎተትና እንዳይሰበር ያግዛል። ከመታጠብ ጥቂት ሰዓት በፊት ከመሀል እስከ ጫፍ ይቀቡ። መጀመሪያ ክንድዎ መታጠፊያ ላይ ጥቂት ቀብተው 24 ሰዓት ይጠብቁ፤ ካሳከከዎ ወይም ከቀላ አይጠቀሙ። በቆሰለ ራስ ላይ አይቀባ። የተሠራበት ቀን ከጠርሙሱ ሥር አለ፤ ሽታው ከተለወጠ ይጣል።››

ሽያጩ ይቀንሳል ብላ የፈራችው ‹‹ያወዛል›› በሚለው ቃል ተካካሰ፤ ቃሉ የራሷ ነው፣ እኔ ‹‹እርጥበትን ይጠብቃል›› ብዬ ነበር። ይህ ጽሑፍ ለማምረት የሚያስፈልገውን የባለሥልጣኑን ፈቃድ እንደማይተካም ነግሬያታለሁ፤ እሱ ሌላ ወረፋ ነው።

የቀረው በውስጥ መስመር የሚመጣው ጥያቄ ነበር። ካፕሽኑ ንጹሕ ሆኖ ሻጯ በመልእክት ‹‹አዎ፣ ያድናል›› ካለች ትርጉም የለውም። ስለዚህ ‹‹የልጄን ራስ ቆረቆር ይዞታል፣ ይሆነዋል?›› ለሚሏት አንድ መልስ አዘጋጅታ ስልኳ ላይ አስቀምጣለች፦ ‹‹እህቴ፣ ይሄ ቅባት ለቆረቆር አይሆንም። የሚዋጥ መድኃኒት ስለሚያስፈልገው ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ ማበጠሪያውንም ለይለት።››