ከቬራዛኖ ድልድይ በፊት ያሉት ሰዓታት

የኒው ዮርክ ማራቶን የሚጀመረው ከስታተን አይላንድ፣ ቬራዛኖ ድልድይ አጠገብ ነው። ከማንሃታን ተነስቶ እዚያ ለመድረስ ብዙ ሯጭ ጀልባ ይሳፈራል፣ ቀጥሎ አውቶቡስ ይይዛል፣ ከዚያም በፍተሻ ያልፋል። በእኛ አቆጣጠር የመጀመሪያው ምድብ ከጠዋቱ 3፡10፣ የመጨረሻው ደግሞ 5፡30 አካባቢ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2009 ደራርቱ ቱሉ፣ በ2023 ደግሞ ታምራት ቶላ ባሸነፉበት በዚህ ውድድር ለታዋቂ አትሌቶች የተለየ መጓጓዣ ይዘጋጃል። ሌላው ሯጭ ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ፣ በኖቬምበር መባቻ ብርድ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ለሰዓታት ይጠብቃል። የሳምንቱ ዝግጅት ሁሉ ለዚህ ጥበቃ ሲታሰብ መልክ ይይዛል።

ከዋሽንግተን ዲሲ የምትመጣ፣ 60 ኪሎ የምትመዝን አንዲት ሯጭን እናስብ። የደረት ቁጥር በውድድሩ ዕለት አይሰጥም፤ መታወቂያዋን ይዛ ራሷ ቀደም ብላ መቀበል ስላለባት አርብ መግባቷ ይመረጣል። ጫማዋን፣ የመሮጫ ልብሷን፣ የለመደቻቸውን ጄሎችና ቫዝሊኗን ሻንጣ ውስጥ አትከትም፣ በእጇ ትይዛቸዋለች። ሻንጣ ቢጠፋ ሌላው ሁሉ ይገዛል፤ ያልተለመደ ጫማ ግን 42 ኪሎ ሜትር አያስኬድም።

ለመጠበቂያው ሰዓት የሚያስፈልጋት ደግሞ ርካሽ ነገር ነው፦ የማትሳሳለት ያረጀ ሹራብ፣ ሰፊ ሱሪ፣ ጓንት፣ ሣሩ እርጥብ ስለሚሆን የምትቀመጥበት ፕላስቲክ፣ ተጨማሪ ካልሲና ሶፍት። የጀርባ ቦርሳ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ዕቃው የሚያዘው አዘጋጆቹ በሚሰጡት፣ ውስጡ በሚታይ ከረጢት ነው። መነሻው ላይ የሚጣለው ልብስ ተሰብስቦ ለበጎ አድራጎት ይውላል።

ምግብ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅዳሜ ማታ አንድ ትልቅ ሳህን ፓስታ በልቶ ነገሩ እንዳለቀ ሲቆጥር ነው። ጡንቻ ጉልበቱን የሚያስቀምጠው ግላይኮጅን በሚባል ስኳር መልክ ሲሆን፣ ጎተራውን ለመሙላት ከአንድ ቀን ተኩል እስከ ሁለት ቀን ይፈጃል። የስፖርት ምግብ ባለሙያዎች የሚመክሩት በእነዚህ ቀናት ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ10 እስከ 12 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው። ለእኛዋ ሯጭ ቢያንስ 600 ግራም ይሆናል። ሦስት ኩባያ የበሰለ ሩዝ፣ ሁለት ኩባያ ፓስታ፣ ስድስት ቁራጭ ነጭ ዳቦ ከአራት ማንኪያ ማር ጋር፣ ሁለት ድንች፣ ሁለት ሙዝና ሦስት ብርጭቆ ጭማቂ ተደምረው ወደዚያ ይጠጋሉ። ዋናው ነገር በቀኑ ውስጥ መከፋፈሉ ነው።

ሽሮ፣ ምስርና ጎመን አሰር ስለሚበዛባቸው በእነዚህ ሁለት ቀናት ይቀነሳሉ፤ ቅቤ የበዛበት ወጥም ቶሎ ያጠግብና ለሩዙ ቦታ ያሳጣል። እንጀራ የለመደች ሰው ጥቂት ብትበላ አይከፋም። ቅዳሜ ሚዛን ላይ ስትወጣ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ብትጨምር መደንገጥ የለባትም፤ ግላይኮጅን ውኃ ይዞ ስለሚቀመጥ ጎተራው መሙላቱን የሚያሳይ ምልክት ነው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ግን ይህን ሐኪሙን ሳያማክር መሞከር የለበትም።

የምትነሳው 4፡20 ላይ ከሆነ ሌሊት 10 ሰዓት የበላችው ቁርስ ብቻውን አያዘልቃትም። ስትነሳ ዳቦ በማር ትቀምሳለች፤ ዋናውን ቁርስ፣ ማለትም ሌላ ዳቦና ሙዝ፣ ሜዳው ላይ ከጠዋቱ 1፡30 አካባቢ ትበላለች። ከዚያ በኋላ ውኃ በትንሽ በትንሹ ይበቃታል።

እንቅልፍን በተመለከተ ውድድሩ አንድ ስጦታ አለው። ማራቶኑ የሚካሄደው በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ሲሆን፣ አሜሪካ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ የምትመልሰውም በዚያው ሌሊት ነው፤ ሯጩ አንድ ሰዓት ያተርፋል። እንዲያም ሆኖ ቅዳሜ ማታ ብዙ ሰው ይገላበጣል። አንድ ሌሊት መጥፎ መተኛት ለወራት የተገነባውን አቅም አያፈርስም፤ ስለዚህ በሐሙስና በአርብ ሌሊት በቂ እንቅልፍ መጠራቀም አለበት። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ቡና ይቅር፤ እንቅልፍ ባይመጣም መብራት አጥፍቶ መጋደም ራሱ ዕረፍት ነው።

ጭንቀቱ ሜዳው ላይ ሲመጣ ልብ ይመታል፣ እጅ ያልባል። የሃርቫርዷ ተመራማሪ አሊሰን ውድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ ከፈተና በፊት ራሳቸውን «ተረጋጋ» ካሉት ይልቅ «ጓጉቻለሁ» ያሉት የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። የልቡ ምት ያው ነው፤ የሚለወጠው ትርጉሙ ነው። አየርን በአፍንጫ ስቦ፣ ከሳቡት በላይ አርዝሞ ማስወጣትም ለብዙዎች ይረዳል።

ጭንቀት ዋጋ የሚያስከፍለው ድልድዩ ላይ ነው። የመጀመሪያው ማይል ከመንገዱ ሁሉ ትልቁ ዳገት ሲሆን፣ የጓጓ ሰው ሳያውቀው ያፈጥናል። በታችኛው ወለል የሚሮጡት ደግሞ የጂፒኤስ ሰዓታቸው ይዛባል። ስለዚህ ዳገቱን ሰዓት ሳታይ፣ ከጎኗ ላለው ሰው ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር በምትችልበት ፍጥነት ትወጣለች፤ የምታቅደውን ፍጥነት መፈለግ የምትጀምረው ብሩክሊን ከገባች በኋላ ነው።