«ሽሮ» ብሎ መጻፍ ይበቃል ወይ?

በአዲስ አበባ የባህል ምግብ ቤቶች ሜኑ ላይ ሽሮ ብዙ ጊዜ አንድ ቃልና አንድ ዋጋ ብቻ ነው። ምስር ወጡም፣ ጎመኑም፣ ክክ አልጫውም እንደዚያው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ያለ የሀበሻ ምግብ ቤት ግን ለዚያው ሽሮ በእንግሊዝኛ አንድ ሁለት መስመር ይጽፍለታል፤ ከሽምብራ ዱቄት መሠራቱን፣ ሽንኩርትና በርበሬ እንዳለው፣ በእንጀራ እንደሚበላ ይነግራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እዚያ የሚመጣው ተመጋቢ ሽሮን አያውቅም፤ እዚህ የሚመጣው ግን ሽሮ በልቶ ያደገ ነው። ለእሱ ሽሮ ምን እንደሆነ ማስረዳት እንደ ንቀት ሊቆጠር ይችላል።

ነገር ግን ሽሮ በልቶ ያደገ ሰው ሌላ ጥያቄ አለው። የዚህ ቤት ሽሮ የትኛው ነው? የሽምብራ ነው የአተር? ምጥን ነው ነጭ? ፈሰስ ያለ ነው ወይስ ተጋቢኖ? ቅቤ ገብቶበታል? አስተናጋጆች በቀን ደጋግመው የሚመልሱት ይህንኑ ነው። ጥሩ የሜኑ ጽሑፍ የሚጀምረውም ከዚህ ጥያቄ ነው።

ብዙዎቹ ባለቤቶች መግለጫ ለመጻፍ ሲነሱ መጀመሪያ እጃቸው የሚገባው ሙገሳ ነው፤ «ጣፋጭ»፣ «ልዩ»፣ «ምርጥ»፣ «ኦሪጅናል»። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የቋንቋ ሊቅ ዳን ጁራፍስኪ ከባልደረቦቹ ጋር 6,500 የአሜሪካ ሜኑዎችን፣ በውስጣቸውም 650,000 ያህል ምግቦችን መርምሮ ውጤቱን በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አስፍሯል። «ጣፋጭ» የሚሉ ዓይነት ጥቅል የሙገሳ ቃላት የሚበዙት ዋጋቸው ዝቅ ባለ ምግቦች ላይ ሆኖ አገኘው። ውድ ቤቶች ደግሞ ጥሬ ዕቃው ከየት እንደመጣ መናገር ይቀናቸዋል። በእርግጥ ቃሉ ራሱ ዋጋውን አወረደው ማለት አይደለም፤ ሁለቱ አብረው ይታያሉ ማለት ነው።

ከዚያ ጥናት ለእኛ አገር ሜኑ ይበልጥ የሚቀርበው ግን «እውነተኛ» ስለሚለው ቃል ያለው ነው። ውድ ቤቶች ቅቤያችን እውነተኛ ነው ብለው አይጽፉም፤ ደንበኛው ሌላ ይሆናል ብሎ አይጠረጥርምና። «ንጹህ የገበታ ቅቤ» ወይም «ኦሪጅናል በርበሬ» ብሎ የሚጽፍ ቤት ሳያስበው ጥርጣሬውን ራሱ ያነሳል። አንባቢው «ታዲያ ሌላው ቀን ምን ነበር?» ቢል አይፈረድበትም።

እንግዲህ አንድ ሽሮ ቤት አለ እንበል፤ ባለቤቱ ለሜኑው የመጀመሪያውን ረቂቅ እንዲህ ጻፈ።

«ጣፋጭና ተወዳጅ ባህላዊ ሽሮ፣ በምርጥ ቅመማ ቅመም በልዩ ሁኔታ የተዘጋጀ።»

ይህን ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ። የአንዱን ቃል ተቃራኒ የሚጽፍ ምግብ ቤት ይኖር ይሆን? «በመናኛ ቅመም የተዘጋጀ» ብሎ የጻፈ ቤት እስካሁን አልታየም። ስለዚህ «ምርጥ» ምንም አልተናገረም፤ ይሰረዛል። «ጣፋጭ»ም፣ «ተወዳጅ»ም፣ «ልዩ»ም በዚሁ ፈተና ይወድቃሉ። የሚተርፈው «ሽሮ» ብቻ ነው፤ ማለትም ባለቤቱ ወደ ነበረበት አንድ ቃል ተመለሰ።

ቀጣዩ ሥራ ወንበር ላይ ሆኖ አይሠራም። ባለቤቱ ወደ ጓዳ ገብቶ ወጥ ሠሪዋን ይጠይቃል። ሽምብራው ከምንጃር የመጣ መሆኑን፣ ከበርበሬው ጋር በሶብላና ኮሰረት ተመጥኖ መፈጨቱን ትነግረዋለች። ሽንኩርቱን በዝግታ እንደምታቁላላ፣ ሽሮውን እየነሰነሰች እንደምታማስል፣ ዘይቱ ወደ ላይ ወጣ ሲል እንደምታወርደው ታሳየዋለች። ሸክላው ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ ገበታው ላይ ከቀረበም በኋላ መፍላቱ አያቆምም። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለደንበኛው የሚበቃው ጥቂቱ ነው።

«ሽሮ ተጋቢኖ። የምንጃር ሽምብራ፣ ከበሶብላና ከኮሰረት ጋር ተመጥኖ የተፈጨ። በሸክላ እየተንተከተከ ይቀርባል። የፆም ነው፤ በቅቤ ለሚፈልግም ይሠራል።»

እዚህ ውስጥ አንድም የሙገሳ ቃል የለም። በሶብላና ኮሰረት የሚለው ሲነበብ ሽታው ይመጣል፤ በቤቱ ሽሮ ሲመጠን ያየ ሰው ስሞቹን በአፍንጫው ያውቃቸዋል። «እየተንተከተከ» ደግሞ ድምፁን ራሱን የያዘ ቃል ነው። አማርኛ ለማጀት እንዲህ ዓይነት ግሦች ሞልተውታል፤ የሜኑ ጸሐፊ ግን ብዙ ጊዜ ትቷቸው «ተዘጋጅቶ ይቀርባል» የሚለውን የቢሮ ቋንቋ ይመርጣል። የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ምራቅ አታስውጥ ይሆናል፤ ሆኖም ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው ከሁሉም በፊት የምትነበበው እሷ ናት።

ሌሎቹም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ለምስር ወጥ «በርበሬው ከቁሌቱ ጋር ቆይቶ የበሰለ» ማለት ጥሬ ጥሬ የሚል በርበሬ ለሰለቸው ሰው ትልቅ ዜና ነው። ለጎመን «ቃሪያው ሊወርድ ሲል የተጨመረ» ይበቃል። «የእናት እጅ» የሚለው ግን በየሜኑው ተደጋግሞ ነፍሱ ወጥቷል። ጓዳ ውስጥ በእርግጥ አንዲት እናት ካሉ፣ እሳቸው ድስቱን እንዴት እንደሚያወርዱ ቢጻፍ ይሻላል።

ቃል በምርጫ ላይ ኃይል እንዳለው ሌሎች የስታንፎርድ ተመራማሪዎችም ፈትነውታል። በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በዩኒቨርሲቲው መመገቢያ አዳራሽ ያንኑ አትክልት አሠራሩን ሳይለውጡ አንድ ቀን በተራ ስሙ፣ ሌላ ቀን ጤናማነቱን በሚያወሳ ስም፣ ሌላ ቀን ደግሞ አምሮት በሚቀሰቅስ ስም አቀረቡት። በዚህ በመጨረሻው ስም ሲቀርብ ያነሱት ሰዎች ቁጥር በተራ ስሙ ከቀረበበት ጊዜ በ25 በመቶ በለጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ሲደግሙት ግን አንድ ገደብ ታየ፤ ስሙ የሚሠራው ምግቡ በእርግጥ ሲጣፍጥ ነው።

ገደቡ ለሽሮ ቤቱም ይሠራል። «እየተንተከተከ» የተባለው ሽሮ ለብ ብሎ ከቀረበ ጽሑፉ ራሱ የቅሬታ መነሻ ይሆናል፤ ምንም ካልተጻፈለት ለብ ያለ ሽሮ የባሰ ያናድዳል። የቦታ ስምም እንዲሁ አደገኛ ነው። የሸኖ ቅቤ ስሙ የታወቀ ነው፤ ቅቤው በዚህ ሳምንት ከሌላ ገበያ ከተገዛ ግን መስመሩ ውሸት ሆነ። ዓመት በሚቆይ ሜኑ ላይ የሚታተመው ዓመቱን ሙሉ የማይለወጠው ብቻ መሆን አለበት። የሚለዋወጠውን አስተናጋጁ በአፉ ይናገር።

ለሁሉም ምግብ ሦስት ሦስት መስመር መጻፍም አያዋጣም። ሠላሳ ምግብ ያለበት ሜኑ ሠላሳ መግለጫ ከያዘ የሚያነበው አይገኝም፤ ቤቱ የሚኮራባቸው አራት አምስት ምግቦች ይበቃሉ። ጽሑፉ መሥራት አለመሥራቱን ማወቅ ደግሞ አያስቸግርም። ደንበኛው ሜኑውን አንብቦ «ቅቤ አለው?» ብሎ አሁንም ከጠየቀ አንድ ነገር ጎድሏል።

ሜኑው ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ለወጥ ሠሪዋ ይነበብላት። «ይሄንንስ እኔ አላደርግም» ያለችበት መስመር ይውጣ።