የአረጋውያንን ቃል አሳጥሮ መጻፍ፦ ከአንድ የቆሎ ተማሪ ትዝታ

አረጋዊ ዘመድ የነገሩንን የሕይወት ታሪክ በአንድና በሁለት ገጽ አሳጥሮ ማስቀመጥ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ጸሓፊው ሳያስበው የተናጋሪውን ቃል በራሱ ቃል ይተካና ታሪኩ የማንም ሰው ታሪክ ሆኖ ይቀራል። ይህ እንዳይሆን ምን ማድረግ እንደሚገባ ከአባቴ ታላቅ ወንድም ጋር ከተደረገ የአንድ ሰዓት ተኩል ጭውውት በመነሣት እንመልከት። እርሳቸው በልጅነታቸው ከጎጃም መንደራቸው ወጥተው በቆሎ ተማሪነት የኖሩ ናቸው።

የመጀመሪያው ሥራ የተቀረጸውን ድምፅ ቃል በቃል መጻፍ ነው። ከቤት ስለወጡበት ሌሊት እንዲህ ብለው ነበር፦ «ሌሊት ነው የወጣሁ፤ በኅዳር ሚካኤል ማግሥት። እናቴ ተኝታ ነበረች። ደበሎዬን ለበስሁ፣ በትሬን ያዝሁ። ውሻው እንኳ አልጮኸብኝም፤ ያውቀኛላ!»

ይህንን «ቤተሰባቸውን ሳያስፈቅዱ ለትምህርት ከቤት ወጡ» ብሎ ማሳጠር ይቻላል። ሐሰት የለበትም፤ ነገር ግን ሌሊቱም፣ ውሻውም፣ የተኛችው እናትም ጠፍተዋል። ስለዚህ ሥራውን መክፈል ይገባል። መንገዱን፣ ዘመኑንና የቦታዎቹን ቅደም ተከተል ጸሓፊው በራሱ ዐረፍተ ነገር ያሳጥራል፤ ያዩትንና የተሰማቸውን ግን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ በራሳቸው ቃል ይተዋል። «የወጣሁ» ያሉትን «የወጣሁት»፣ «ለበስሁ» ያሉትን «ለበስኩ» ብሎ ማረም አያስፈልግም፤ የአገራቸው አነጋገር የድምፃቸው አካል ነውና።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የትኛው ትዝታ ይቅደም የሚለው ነው። መልሱ ጠያቂው በጠየቀው ሳይሆን ተናጋሪው ሳይጠየቁ በሚመለሱበት ነገር ይታወቃል። እኛ የጠየቅነው ስለ ዜማ ትምህርት ነበር፤ እርሳቸው ግን ሦስት ጊዜ ወደዚያች ሌሊት ተመለሱ። በሁለተኛው ጊዜ «ዳቦ ቆሎው ግን በጨርቅ ተቋጥሮ ከደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ተኝታ ከነበረች ማን አስቀመጠው?» አሉ። በሦስተኛው ደግሞ ከሰባት ዓመት በኋላ ወደ መንደራቸው መመለሳቸውን ሲናገሩ «አላገኘኋትም፤ አፈር ሆናለች። ያን ነገር ሳልጠይቃት ቀረሁ» ብለው ዝም አሉ።

እዚህ ላይ እናቲቱ «ተኝታ ነበረች» የሚለውና ስንቁ የሚመሰክረው ይጋጫሉ። ጸሓፊው አንዱን መርጦ ሌላውን ቢተው ታሪኩ ይስተካከላል፤ ዋናው ትዝታ ግን ይሞታል፤ የሽማግሌው ሕይወት ሙሉ ያልተመለሰ ጥያቄ ይኸው ነውና። ስለዚህ ሁለቱም በተነገሩበት ቅደም ተከተል ይጻፋሉ፤ ከሁለቱ ገጽም ሰፊው ስፍራ ለዚህ ይሰጣል። ዝምታውም «ጥቂት ዝም ብለው» ተብሎ ይመዘገባል።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻው ዘመን ነው። አረጋውያን ብዙ ጊዜ ዓመተ ምሕረት አይጠሩም። እርሳቸውም «ዘመኑ ሉቃስ ነበር፤ መሬት ላራሹ የታወጀው በዚያው ዓመት ነው» አሉ። የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ይህንን ከወንጌላዊው ጋር ማመሳከር ይቻላል፦ 5500 ሲደመር 1967 7467 ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ 3 ሲተርፍ ዘመኑ ሉቃስ ነው። ሁለቱ ምስክሮች ተስማሙ። የኅዳር ሚካኤል በዓል ኅዳር 12 ስለሆነ፣ ከቤት የወጡት ኅዳር 13 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ ከአዋጁ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ ነው። ሆኖም ጽሑፉ «በኅዳር ሚካኤል ማግሥት» የሚለውን ይጠብቃል፤ ቀኑ በቅንፍ ይገባል። የተጠቀሰው በዓል እንደ ሆሳዕና የሚዘዋወር ቢሆን ግን ዓመቱ ሳይታወቅ ቀን መስጠት አይቻልም።

በመጨረሻም የተጻፈው ለባለ ታሪኩ ይነበባል። እንዲቀርላቸው የሚሹት ነገር ቢኖር ይወጣል፤ የተሳተ ይታረማል፤ አንዳንድ ጊዜም ያልተነገረ ይጨመራል። ለአጎቴ «በጨርቅ ተቋጥሮ» የሚለው ሲነበብላቸው እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። «ጨርቅ አትበል» አሉ፤ «ከነጠላዋ የተቀደደ ነው። ጥለቱን ዐውቀዋለሁ።» ያ ቃል እንደ ተነገረ ገባ፤ «ማን አስቀመጠው?» የሚለው ጥያቄያቸውም እርሳቸው አውጣው ስላላሉ በቦታው ቆየ።